ጥሬ ቡና ገዢውን በሊንክድኢን ማጣሪያ መፈለግ፦ የ30 ቀን የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

የምሠራው አዲስ አበባ በሚገኝ አነስተኛ የቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ሲሆን፣ ድርጅቱ በጌዴኦ ዞን፣ ጌዴብ ወረዳ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለው። ዘንድሮ ሁለት ኮንቴይነር የታጠበ ቡና እንደምናቀርብ እንገምታለን። እስካሁን ቡናችንን የሚወስድልን አንድ ደንበኛ ብቻ ስለነበረ፣ የአዲሱ ምርት ናሙና ከመድረሱ በፊት ጀርመን ውስጥ ጥሬ ቡና የመግዛት ውሳኔ በእጃቸው ያለ ሰዎችን ዝርዝር እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ጀርመንን የመረጥነው ሀገሪቱ ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዢዎች አንዷ ስለሆነች፣ የሃምቡርግና የብሬመን ወደቦችም የቡና ንግድ የቆየባቸው በመሆናቸው ነው።

በነጻው የሊንክድኢን አካውንት ከዚህ በፊት ሞክሬ ነበር። ነገር ግን በወር ውስጥ ፍለጋ ሲበዛ መድረኩ «የንግድ አጠቃቀም ገደብ» ብሎ እስከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ውጤቱን ያሳጥርብኛል። ስለዚህ ሴልስ ናቪጌተር የተባለውን የሚከፈልበት የሊንክድኢን የፍለጋ አገልግሎት በ30 ቀኑ የነጻ ሙከራ ለመጠቀም ወሰንን። ሙከራውን ለማስጀመር ዓለም አቀፍ ካርድ ስለሚጠየቅ፣ ፍራንክፈርት የሚኖሩት የድርጅታችን ባለቤት እህት ካርዳቸውን አስመዘገቡልን። «ቀኑን እንዳትረሱ፣ ገንዘቡ ከእኔ ይቆረጣል» ስላሉኝ የማቋረጫውን ቀን በቢሮው የግድግዳ ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩት።

ኅዳር 4

የመጀመሪያውን ፍለጋ ማንም ሰው እንደሚያደርገው አደረግኩት። በቁልፍ ቃል ሳጥኑ `coffee` ብዬ ጻፍኩ፤ በ`Geography` ጀርመንን፣ በ`Seniority level` ደግሞ `Owner / Partner`፣ `CXO`፣ `Vice President` እና `Director` የሚሉትን መረጥኩ። ውጤቱ ብዙ ሺህ ሰው ሆነ። ሴልስ ናቪጌተር በአንድ ፍለጋ የሚያሳየው 100 ገጽ፣ በየገጹም 25 ሰው፣ በድምሩ 2,500 ሰው ብቻ ስለሆነ፣ የተረፈው ቁጥር ቢኖርም ባይኖርም ልዩነት የለውም።

የመጀመሪያውን ገጽ አንድ በአንድ ከፈትኩ። ከ25ቱ ሰዎች ጥሬ ቡናን የሚመለከት ሥራ ያላቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ የካፌ ባለቤቶችና የቡና ማሽን ሻጮች ናቸው፤ አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ ዳይሬክተር ደግሞ በመግለጫው ላይ «ቡና እየጠጣን እንነጋገር» የሚል ጽሑፍ ስላሰፈረ ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቁልፍ ቃሉ ሳጥን የሰውየውን ሙሉ ፕሮፋይል የሚያስስ እንጂ አሁን የያዘውን የሥራ መደብ ብቻ የሚመለከት አይደለም። የሥራ መደብን ብቻ ለመፈለግ `Current job title` የሚባለውን የተለየ ማጣሪያ መጠቀም ያስፈልጋል።

ኅዳር 6

ዛሬ የኢንዱስትሪ ማጣሪያውን ፈተሽኩ። እስከማምነው ድረስ ላለመጠቀም ወስኜ፣ በመጀመሪያ አስቀድመን በስም የምናውቃቸውን 12 የጀርመን ቡና ቆዪ ድርጅቶች ገጽ ከፍቼ እያንዳንዱ ራሱን በየትኛው ኢንዱስትሪ እንዳስመዘገበ ጻፍኩ። አምስቱ `Food and Beverage Manufacturing`፣ ሦስቱ `Food and Beverage Services`፣ ሁለቱ የችርቻሮ ንግድ፣ አንዱ የጅምላ ንግድ ብለዋል፤ አንዱ ደግሞ ምንም አልመረጠም። ኢንዱስትሪውን የሚመርጠው ገጹን የከፈተው ሠራተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ማንም አያርመውም። የመጀመሪያውን ብቻ መርጬ ብፈልግ ኖሮ፣ ከማውቃቸው 12 ድርጅቶች ሰባቱን ሳላያቸው አልፍ ነበር፤ የማላውቃቸው ደግሞ ስንት እንደሚሆኑ መገመት ይቻላል። በአንጻሩ ሁሉንም ኢንዱስትሪዎች ብመርጥ፣ ከቡና ጋር የማይገናኙ የዳቦ፣ የቢራና የቋሊማ ፋብሪካዎች ይጎርፉብኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። ሰውን ከመፈለግ በፊት ድርጅቱን ለመፈለግ ወሰንኩ። ወደ ድርጅቶች ፍለጋ ገብቼ `Kaffeerösterei`፣ `Rösterei`፣ `Rohkaffee` እና `green coffee` በሚሉ ቃላት እየተመላለስኩ ፈልጌ፣ እያንዳንዱን ድርጅት በዓይኔ አይቼ ተገቢ የሆነውን በአንድ የድርጅቶች ዝርዝር ውስጥ አስቀመጥኩ። ሰዎችን ስፈልግ ደግሞ `Account lists` በሚለው ማጣሪያ ያንን ዝርዝር ብቻ እንዲያስስ አደርጋለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው። ሆኖም ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥራ ሁሉ የቆመው በዚህ ዝርዝር ላይ ነው።

ኅዳር 9

ዝርዝሩ 140 ገደማ ድርጅት ደረሰ። ባለቤቱ አይተውት «የሁሉንም ባለቤቶች ፈልጊና ጻፊላቸው» አሉኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ይኸውም የመጠን ጉዳይ ነው።

አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በተለምዶ 60 ኪሎ የሚመዝን 320 ኬሻ፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ቡና ይይዛል። አምስት ሠራተኛ ያለው ሠፈር ውስጥ የሚገኝ ቆዪ ይህን ቡና በአንድ ጊዜ ገዝቶ የሚያስቀምጥበት መጋዘንም ሆነ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። እርሱ የሚገዛው ሃምቡርግ ወይም ብሬመን መጋዘን ውስጥ ካለ አስመጪ፣ አንድ ጊዜ አምስት ኬሻ ሌላ ጊዜ አሥር ኬሻ እየቆነጠረ ነው። ባለቤቱን አግኝቼ ባሳምነው እንኳ የሚሰጠኝ መልስ «ቡናችሁ ከአስመጪዬ ዘንድ ሲመጣ እገዛለሁ» የሚል ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ቆዪ፣ ለእኛ ሽያጭ የሚወስነው ሰው በሌላ ድርጅት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩን በ`Company headcount` ለሁለት ከፈልኩት። አንደኛው የአስመጪዎች ዝርዝር ነው፤ እዚህ ላይ የሠራተኛ ብዛት አላጣራሁም፣ ምክንያቱም 15 ሰው ያለው አስመጪ በዓመት ብዙ ኮንቴይነር ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ሁለተኛው በቀጥታ ኮንቴይነር ሊወስዱ የሚችሉ ቆዪዎች ዝርዝር ሲሆን፣ ከ51 እስከ 200 እና ከ201 እስከ 500 ሠራተኛ ያላቸውን ብቻ ይዟል። ከዚያ በላይ ያሉት ግዙፍ ኩባንያዎች ከእኛ ሁለት ኮንቴይነር ጋር የሚተዋወቁ አይመስለኝም። የሠራተኛ ብዛቱን ስመለከት ግን ጥንቃቄ አደረግኩ፤ በድርጅቱ ገጽ ላይ ድርጅቱ ራሱ የገለጸው መጠንና በመድረኩ ላይ «እዚያ እሠራለሁ» ያሉ ሰዎች ቁጥር ጎን ለጎን ይታያሉ። ሁለቱ በጣም ሲራራቁ፣ ለምሳሌ ከ51 እስከ 200 የሚል ድርጅት ሦስት አባል ብቻ ሲኖረው፣ ሰዎቹ ሊንክድኢን አይጠቀሙም ማለት ነውና በማጣሪያ አይገኙም። እንዲህ ያሉትን «በስልክ» የሚል ምልክት አድርጌ ለይቼአቸዋለሁ። ብዙ ጀርመናውያን ዚንግ የተባለውን የራሳቸውን መድረክ እንደሚጠቀሙም ልብ ይሏል።

ኅዳር 13

ወደ ሥራ መደቦች ገባሁ። በእንግሊዝኛ ብቻ መፈለግ እንደማያዋጣ ያወቅሁት በመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ ፕሮፋይላቸውን በጀርመንኛ የጻፉ ሰዎች በእንግሊዝኛ መደብ ስፈልጋቸው አልተገኙም። በጀርመንኛ ደግሞ ቃላት እየተጣበቁ ስለሚጻፉ፣ `Kaffee` ብዬ የፈለግሁት ፍለጋ `Rohkaffee` ያለውን ሰው አላመጣልኝም። በዚያ ላይ የወንድና የሴት መደብ የተለያየ ነው፤ ገዢ የሆነ ወንድ `Einkäufer` ሲባል ሴቷ `Einkäuferin` ናት። ሁለቱንም ካልጻፍኩ ግማሹን ሰው አጣለሁ። በኮከብ ምልክት የቃሉን ጫፍ ክፍት ማድረግም አይቻልም፣ መድረኩ አይቀበለውም። ፍራንክፈርት ካሉት እትዬ ጋር በስልክ እየተነጋገርን የሠራነው የፍለጋ ሐረግ ይህ ነው፦

```
"Rohkaffee" OR "Rohkaffeeeinkauf" OR "Einkäufer"
OR "Einkäuferin" OR "Leiter Einkauf" OR "Leitung Einkauf"
OR "Green Coffee" OR "Coffee Buyer" OR "Trader"
```

ይህን በ`Current job title` ማጣሪያ ውስጥ አስገባሁ። `Trader` የሚለው ቃል ብቻውን ቢሆን የአክሲዮን ነጋዴዎችን ሁሉ ይሰበስብ ነበር፤ ፍለጋው በድርጅቶች ዝርዝሬ ውስጥ የተወሰነ በመሆኑ ግን ልቅ የሆነ ቃልም ጉዳት አላመጣም። የዝርዝሩ ጥቅም እዚህ ላይ በግልጽ ታየኝ።

ከሰዓት በኋላ ያው ሐረግ በድንገት ዜሮ ውጤት ሰጠኝ። ግማሽ ሰዓት ከተደናገርኩ በኋላ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ተገኘ። ሐረጉን ከወርድ ሰነድ ላይ ስቀዳው፣ ወርድ ቀጥ ያለውን ትእምርተ ጥቅስ ወደ ጠመዝማዛ ለውጦት ነበር፤ መድረኩ የሚያውቀው ደግሞ ቀጥ ያለውን ብቻ ነው። `OR` በትልልቅ ፊደል መጻፉም ግዴታ ነው። ከዚህ በኋላ ሐረጎቼን የማስቀምጠው ምንም ቅርጽ በማይጨምር ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው።

ኅዳር 17

ዛሬ ያደረግሁት ሙከራ ከጠቅላላው ሥራ ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ነው። የቆዪዎቹን ዝርዝር ከላይ ባለው ሐረግ ሁለት ጊዜ ፈለግሁ። አንዱን ያለ ደረጃ ማጣሪያ፣ ሌላውን ደግሞ ከ`Director` በላይ ያሉትን ብቻ አድርጌ። ያለ ማጣሪያ 61 ሰው መጣ፤ በማጣሪያው 14 ሰው። የጠፉትን 47 ሰዎች ከፍቼ ሳያቸው፣ በመደባቸው ላይ «ጥሬ ቡና» የሚል ቃል ያላቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጠፉት ወገን ነበሩ። መድረኩ «ጥሬ ቡና ገዢ» የሚለውን መደብ ተራ ባለሙያ ወይም `Senior` ብሎ ይመድበዋል። የቀሩት 14ቱ ደግሞ በብዛት ጠቅላላ የግዢ ኃላፊዎች ናቸው።

በቡና ንግድ ውስጥ ውሳኔ የሚሰጠው ቅምሻ ክፍል ውስጥ ነው። ናሙናውን ቆልቶ፣ ቀምሶ፣ ነጥብ ሰጥቶ «ይግባ» ወይም «ይቅር» የሚለው ሰው ካልፈቀደ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ፊርማውን የሚያኖርበት ውል አይኖርም። ያ ሰው በድርጅቱ መዋቅር ላይ በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይኖረው ይችላል። ጉዳዩን ለባለቤቱ ሳስረዳ፣ «አንቺ፣ ትልቁን ሰው ካላገኘሽ ትንሹ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እኛስ ቡና ከገበሬ ስንረከብ እሺ የሚለው ማን ነው?» ብዬ መለስኩላቸው። ጣቢያው ላይ እሸቱን ቀይ ነው፣ አረንጓዴ ነው ብሎ የሚመልሰው ተቆጣጣሪያችን መሆኑን ስለሚያውቁ ሳቁና «እሺ በይ» አሉ። የደረጃ ማጣሪያውን ከቆዪዎቹ ፍለጋ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ለአነስተኛ አስመጪዎች ግን `Owner / Partner` የሚለውን ጨምሬ ለብቻው ፈለግሁ፤ ምክንያቱም እዚያ ባለቤቱና ቀማሹ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው።

ኅዳር 20

በማጣሪያ ትክክለኛው ሰው ካልመጣባቸው ድርጅቶች አንዱን እስከ መጨረሻው ተከታተልኩት። ድርጅቱ ባቫሪያ ግዛት ውስጥ ያለ 70 ገደማ ሠራተኛ ያለው ቆዪ ነው። በሐረጌ የመጣልኝ አንድ የግዢ ኃላፊ ብቻ ሲሆን፣ ፕሮፋይሉን ሳነበው የሚገዛው ማሸጊያና የማሽን መለዋወጫ እንደሆነ ተረዳሁ። የመደቡ ስም ትክክል ነው፣ ዕቃው ግን ሌላ ነው። ቢጻፍለት በትሕትና ዝም ይል ነበር።

ወደ ድርጅቱ ገጽ ሄጄ `People` የሚለውን ክፍል ከፈትኩ፤ ይህ በነጻው አካውንትም ይሠራል። እዚያ ባለው የፍለጋ ሳጥን `Rohkaffee` ብዬ ስጽፍ አንዲት ሴት ብቅ አለች፤ የሥራ መደቧ «የጥራት ቁጥጥር» ብቻ ነው የሚለው። «ጥሬ ቡና» የሚለው ቃል የነበረው ዝቅ ብሎ በሥራ መግለጫዋ ውስጥ ነው፤ የናሙና ቅምሻና የመነሻ ሀገር ጉዞ የእሷ ኃላፊነት እንደሆነ በሁለት መስመር ጽፋለች። የእኔ ማጣሪያ የሚያየው የመደቡን ስም ብቻ ስለሆነ ሊያገኛት አይችልም ነበር። ከዚያ በኋላ እንዲህ ለሆኑት 19 ድርጅቶች ሁሉ ይህንኑ አደረግሁ፤ በአሥራ አንዱ ትክክለኛውን ሰው አገኘሁ።

ኅዳር 24

ዛሬ የማጣራት ቀን ነበር። በአስመጪዎቹ ዝርዝር ላይ `Geography` ጀርመን የሚለው ማጣሪያ እንደበደለኝ አስተዋልኩ። ይህ ማጣሪያ ሰውየው የሚኖርበትን ቦታ እንጂ የድርጅቱን ዋና መሥሪያ ቤት አይመለከትም፤ ለእርሱ `Company headquarters location` የሚባል ሌላ አለ። በቡና ንግድ ደግሞ ብዙ ትልልቅ ነጋዴዎች በስዊዘርላንድ ናቸው፤ ለምሥራቅ አፍሪካ ግዢ ኃላፊ የሆነው ሰውም ቢሮው ሃምቡርግ ሆኖ እርሱ ሌላ ሀገር ሊቀመጥ ይችላል። የቦታ ማጣሪያውን ሳነሳው ዘጠኝ ሰዎች ተጨመሩ። ከእነርሱ ሁለቱ የሚኖሩት እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ አንደኛው ቢሮው ቦሌ ሆኖ ከእኛ በታክሲ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጀርመን ስፈልገው የከረምኩትን ሰው!

ቀጥሎ ሥራ የለቀቁትን አወጣሁ። ሰው ሥራ ሲቀይር ፕሮፋይሉን ወዲያው አያስተካክልም። ስለዚህ ባለፉት 30 ቀናት አንድ ነገር የለጠፉትን በሚያሳየው ማጣሪያ ንቁ የሆኑትን ለይቼ ቅድሚያ ሰጠኋቸው፤ ባለቤቶችንና ሥራ አስኪያጆችን ደግሞ በድርጅቱ ድረ ገጽ አመሳከርኩ። በጀርመን ሕግ እያንዳንዱ የንግድ ድረ ገጽ `Impressum` የሚባል ገጽ እንዲኖረው ስለሚገደድ፣ ድርጅቱን በሕግ የሚወክለው ሰው ስም እዚያ ላይ ይገኛል። ሁለት ሰዎች በመድረኩ ላይ ሥራ አስኪያጅ ተብለው ሳለ በዚያ ገጽ ላይ ስማቸው ስላልነበረ ሰረዝኳቸው። የመጨረሻው ዝርዝር 58 ሰዎች ሆነ።

አንድ የማውቀው ሰው ዝርዝሩን በአንድ ጠቅታ የሚገለብጥ የብራውዘር ተጨማሪ ፕሮግራም እንድጠቀም መክሮኝ ነበር። የመድረኩ ስምምነት መረጃን በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም መሰብሰብን ይከለክላል፤ አካውንቱም ሊታገድ ይችላል። ለ58 ሰው ሲባል ይህን አደጋ መቀበል አላስፈለገም፤ በእጄ ኤክሴል ላይ ጻፍኩት።

ኅዳር 28

መልእክት መላክ ጀመርኩ። በጀርመን የውድድር ሕግ አንቀጽ 7 መሠረት አስቀድሞ ያልፈቀደ ሰው፣ የድርጅት ሠራተኛ ቢሆንም እንኳ፣ የማስታወቂያ ኢሜይል ሊላክለት አይገባም። ስለዚህ ኢሜይል አድራሻ ፍለጋ አልሄድኩም። የመተዋወቂያ ጥያቄ ከአጭር ማስታወሻ ጋር ላክሁ፤ ማስታወሻው ከ300 ፊደል ስለማይበልጥ ሦስት ነገር ብቻ ጻፍኩ፦ ወረዳውንና የጣቢያውን ከፍታ፣ አዲሱ ናሙና የሚደርስበትን ጊዜ፣ 300 ግራም ናሙና ለመቀበል ፈቃደኛ መሆናቸውን የሚጠይቅ አንድ ዐረፍተ ነገር። ዋጋ አልጻፍኩም። በአንድ ቀን ከዘጠኝ ሰው በላይ አልላክሁም።

በጊዜ መጣደፍ ነበረብን። ጀርመኖች ከገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ባለው ጊዜ ቢሮ ስለሚዘጉ፣ ከታኅሣሥ 10 በኋላ የሚላክ መልእክት ከአዲስ ዓመታቸው በኋላ ካልሆነ አይነበብም።

ታኅሣሥ 2

ሙከራው ነገ ስለሚያልቅ ዛሬ አቋረጥኩት፤ ለእትዬም ደውዬ ነገርኳቸው። የተከፈለበት አገልግሎት ሲቋረጥ በውስጡ የተቀመጡት ዝርዝሮች ስለማይከፈቱ፣ ኤክሴሉ የተሟላ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ።

እስከ ዛሬ መልእክት ከላክሁላቸው 43 ሰዎች 16ቱ ጥያቄዬን ተቀበሉ፤ ሰባቱ ጻፉልኝ፤ አራቱ ናሙና ጠየቁ። ከአራቱ ሦስቱ በመጀመሪያዎቹ ማጣሪያዎቼ ብቀጥል ኖሮ የማይታዩ ነበሩ፤ ከነዚህ አንዷ የባቫሪያዋ የጥራት ባለሙያ ናት። የመለሰችልኝ ጥያቄ ግን ስለ ቅምሻ አልነበረም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2023/1115 መሠረት ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ነጥብ ማቅረብ እንችል እንደሆነ ነው የጠየቀችው። ደንቡ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ሙሉ ወሰኑን ሲጠይቅ፣ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል፤ የእኛ ገበሬዎች ማሳ ደግሞ አብዛኛው ከአንድ ሄክታር በታች ነው። ጣቢያው ላይ የ212 ገበሬዎች ነጥብ በጂፒኤስ ተመዝግቧል፤ የቀሩት 90 ገደማ አልተመዘገቡም። ተቆጣጣሪው በሚቀጥለው ሳምንት መዝጋቢ ይዞ እንዲወጣ ተነግሮታል። ለእሷም ያለውን እንዳለ፣ የጎደለውንም እንደጎደለ ጽፌላታለሁ።

የቦሌው ሰውዬ ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮው እንድመጣ ቀጥሮኛል።